የዋየርለስ ኪቦርድ መዘግየትና መቆራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ቢሮዎችና ኮፒ ቤቶች ኮምፒውተር ስጠግን በብዛት የምጠየቃቸው እነዚህ ናቸው፤ መልሶቹ ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው።

ችግሩ የኪቦርዱ ነው ወይስ የኮምፒውተሩ? በምን ልለየው?

ኖትፓድ ክፈቱ። ሌላውን ሁሉ፣ በተለይ ብሮውዘሩን፣ ዝጉ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ ጻፉ። ኖትፓድ ላይ ደህና ሆኖ ብሮውዘር ወይም ወርድ ላይ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ኪቦርዱን ተዉት። የደከመው ኮምፒውተሩ ነው።

ኖትፓድ ላይም ከዘገየ ባለገመድ ኪቦርድ ተዋሱና እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ባለገመዱ ደህና ከጻፈ ነገሩ ከባትሪው፣ ከአየሩ፣ ከሪሲቨሩ ወይም ከኃይል ቁጠባው ነው። ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካዋን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ዩኤስቢ ነው።

ማውሱም በዚያችው ሪሲቨር የሚሠራ ከሆነ እሱንም አስተውሉት። ሁለቱም አብረው ከተቆራረጡ ችግሩ ሪሲቨሯ አካባቢ ነው። ማውሱ እንደ ውኃ እየፈሰሰ ኪቦርዱ ብቻ ከተንገታገተ ግን ከኪቦርዱ ባትሪ ጀምሩ።

መጀመሪያ ባትሪ መቀየር አለብኝ?

አዎ፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ብዙ ሰው አዲስ ድንጋይ ይገዛል፣ ለግማሽ ቀን የተሻለው ይመስለዋል፣ ከዚያ እንደገና ሌላ ይገዛል። አዲስ ባትሪ ገብቶ ችግሩ በዚያው ቀን ከተመለሰ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ገንዘባችሁን አስቀምጡና ወደሚቀጥሉት ጥያቄዎች እለፉ።

የደከመ ባትሪ የራሱ ጠባይ አለው። በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይብሳል። ሌሊቱን ያረፈ ባትሪ ጠዋት ትንሽ ይነቃና ከሰዓት በኋላ መልሶ ይዝላል። ኪቦርዱን ወደ ሪሲቨሯ አንድ ስንዝር ስታስጠጉት ደግሞ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም የተዳከመው ምልክት የሚሄድበት መንገድ አጠረለት። ቴስተር ካላችሁ ለኩት። አዲስ አልካላይን ወደ 1.5 ወይም 1.6 ቮልት ያሳያል። እኔ ከ1.3 በታች ያየሁትን አውጥቼ ለግድግዳ ሰዓት ነው የምሰጠው። ሰዓት በትንሽ ኃይል ይኖራል፤ ኪቦርድ ግን ምልክት በላከ ቁጥር ለቅጽበት ጠንከር ያለ ኃይል ይፈልጋል።

ባትሪውን ስታወጡ ማስቀመጫውንም እዩት። ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ባትሪው አፍስሷል ማለት ነው። በእጃችሁ አትንኩት። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ በሎሚ ወይም በአቼቶ ነካ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ በደንብ ሲደርቅ አዲሱን አስገቡ። ስፕሪንጉ ከተኛም በጥንቃቄ ቀና አድርጉት። ኪቦርዱን ሲነኩት ወይም ሲያንቀሳቅሱት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ስፕሪንግ ነው።

የትኛውን ባትሪ ድንጋይ ልግዛ?

አልካላይን የሚል የተጻፈበትን ግዙ። መንገድ ዳር በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው ካርቦን ዚንክ ነው፤ ለሪሞት ይሆናል፣ ለኪቦርድ ግን ቶሎ ይዝላል። ኪቦርዱ ሁለት ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ። አሮጌው አዲሱን ወደ ታች ይጎትተዋል።

ቻርጅ የሚደረጉትም ይሠራሉ። የእነሱ ቮልቴጅ ግን ከመነሻው 1.2 ነው። ስለዚህ ገና ሙሉ ሆነው ኪቦርዱ «ባትሪ አልቋል» የሚለውን ቀይ መብራት ሊያበራ ይችላል። መብራቱን ሳይሆን አጻጻፉን እመኑ።

ለምን አንዳንዴ ፊደል ይበላል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንዱን ፊደል ይደረድራል?

ይህ ጥያቄ በደንብ መመለስ አለበት፤ ከገባችሁ ግማሹን ችግር በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ። ኪቦርዱና ሪሲቨሯ የሚነጋገሩት መስመሩ ጥሩ ባልሆነ ስልክ እንደሚያወሩ ሁለት ሰዎች ነው። ኪቦርዱ «ኤም ተጭኗል» ብሎ ይልካል። ሪሲቨሯ «ደርሶኛል» ትላለች። መልስ ካላገኘ ኪቦርዱ ደግሞ ይልካል፣ ደግሞ ይልካል። አየሩ ትንሽ ከተረበሸ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይደርሳል፤ እናንተ የምታዩት መዘግየት ነው። በጣም ከተረበሸ ኪቦርዱ ተስፋ ቆርጦ ያልፈዋል፤ ያኔ ፊደል ተበላ። ስለዚህ መዘግየትና መብላት ሁለት በሽታዎች አይደሉም። አንዱ በሽታ ሲበረታ ነው።

መደርደሩ ደግሞ ከዚሁ ይመጣል። አንድ ቁልፍ ሁለት መልእክት አለው፤ ሲጫን አንድ፣ ሲለቀቅ ሌላ። መጫኑ ደርሶ መልቀቁ መንገድ ላይ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ጣታችሁ ገና ቁልፉ ላይ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ «ምምምምምምም» እያለ ይቀጥላል፤ የሚያቆመው ሌላ ቁልፍ ስትነኩ ነው። ቁልፉ ቆሽሾ ወይም ተጣብቆም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የተጣበቀ ቁልፍ ሁልጊዜ ያው አንድ ቁልፍ ነው፤ የአየር ችግር ግን ዛሬ «ም»ን ነገ «ሰ»ን ይይዛል።

እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ከእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች በላይ እንጎዳለን። በድምፅ በሚጻፍበት አሠራር ሰላም ለማለት `s` `e` `l` `a` `m` እንጫናለን። `a` ብትበላ «ሰልም» ይወጣል። `e`ም ብትበላ «ስልም» ይሆናል። ጽሑፋችሁ ውስጥ ያለቦታቸው የገቡ ሳድስ ፊደላት ከበዙ ጣታችሁን አትውቀሱ። አናባቢዎቹ አየር ላይ እየጠፉ ነው።

ሪሲቨሯን የት ልሰካት?

ኪቦርዱ በሚያያት ቦታ። ከኪቦርዱ ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ርቀት፣ በመካከላቸው ብረት፣ ግድግዳ ወይም የሰው አካል ሳይኖር። ይህንን ብቻ አድርገው ከችግሩ የተገላገሉ ሰዎችን ቁጥር አላስታውስም፤ ብዙ ናቸው።

የብዙ ቢሮዎቻችን አቀማመጥ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዴስክቶፑ ሳጥን ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ጀርባው ወደ ግድግዳ ይዞራል። ሪሲቨሯ «እንዳትጠፋ» ተብላ ከኋላ ትሰካለች። ከፊቷ የብረት ሳጥን፣ ከበላይዋ ብዙ ጊዜ የብረት እግር ያለው ጠረጴዛ፣ በመሃል ደግሞ የጸሐፊዋ ጉልበት አለ። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ የኪቦርዱን የሬዲዮ ሞገድ ይመጥጣል። ኪቦርዱ አሥር ሜትር ይሠራል ተብሎ ካርቶኑ ላይ ቢጻፍም ያ በባዶ ሜዳ ነው።

መፍትሔው አጭር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ነው። ሱቅ ስትሄዱ «ኤክስቴንሽን» ብቻ ካላችሁ የመብራቱን ዲቫይደር ይሰጧችኋል፤ ስለዚህ አንዱ ጫፍ ወንድ፣ ሌላው ሴት የሆነ የዩኤስቢ ገመድ በሉ። አንድ ሜትር ይበቃል። ተራው ዩኤስቢ 2 ይሁን፣ ባለሰማያዊው ዩኤስቢ 3 አያስፈልግም። ገመዱን ከሳጥኑ ጀርባ አውጥታችሁ ሪሲቨሯን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሞኒተሩ ሥር አስቀምጧት። ለጊዜው ገመዱ ከሌላችሁ ከኋላ ነቅላችሁ ከፊት ለፊት ሰኳት።

ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስሰካ ኪቦርዱ የሚታመመው ለምንድን ነው?

ይህ በጣም እውነተኛ ችግር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሲነግሩት አያምንም። ዩኤስቢ 3 መረጃ የሚያስተላልፈው በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት በሚደርስ ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት ሲሠራ ከገመዱና ከመሰኪያው የሚያመልጥ የሬዲዮ ጫጫታ አለ። ያ ጫጫታ የኪቦርዶች ሬዲዮ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ይሸፍናል። ኢንቴል ራሱ በ2012 ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አውጥቶ ሪሲቨሮችን ከዩኤስቢ 3 ዕቃዎች ማራቅን መክሯል። ልብ በሉ፣ ሰማያዊው ፖርት ባዶውን አይጮህም። የሚጮኸው ዩኤስቢ 3 የሆነ ዕቃ ተሰክቶ ሥራ ላይ ሲሆን ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ኮፒ ቤት የገጠመኝን ልንገራችሁ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙበት ሰሞን ነበር። ጸሐፊዋ ገና ስገባ ኪቦርዱን ገልብጣ አሳየችኝ። «ወንድሜ፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስተኛ ድንጋይ ነው» አለችኝ። ባትሪውን ለካሁት፤ 1.5 ቮልት፣ ጤነኛ ነው። ኖትፓድ ከፍታ «ሰላም ለሁላችን ይሁን» የሚለውን አሥር ጊዜ እንድትጽፍ ጠየቅኳት። አሥሩም መስመር ንጹሕ ወጣ። ልሄድ ስል አንድ ተማሪ መጣና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ሰጣት። ጎንበስ ብላ ከሳጥኑ ጀርባ ሰካችው፣ ፋይሉን መገልበጥ ጀመረች። «አሁን ደግሞ ጻፊው» አልኳት። ሁለተኛው መስመር ላይ «ሰልም» አለ። አራተኛው ላይ «ሁን» የነበረው «ሁንንንንን» እያለ ሄደ። ግልበጣው ሲያልቅ ጽሑፉ በራሱ ተስተካከለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሪሲቨሯና ሃርድ ዲስኩ ተደራርበው ባሉ ሁለት ሰማያዊ ፖርቶች ላይ ነበሩ፤ በመካከላቸው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የለም። ሪሲቨሯን መጀመሪያ ፊት ለፊት ወዳለው ጥቁር ፖርት አዞርኳት። ተሻለ፣ ግን ጨርሶ አልዳነም፤ አሁንም በየመሃሉ አንድ ፊደል ይበላል። ከዚያ በአንድ ሜትር ገመድ ጠረጴዛው ላይ አወጣናት። ሃርድ ዲስኩ እየገለበጠ አሥሩንም መስመር አንድም ሳይጎድል ጻፈችው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ኪቦርዱ የሚታመምበት ምስጢር ይኸው ነበር። ሥራ ሲበዛ ሃርድ ዲስክ ይበዛል፣ ሃርድ ዲስክ ሲበዛ ፊደል ይበላል፤ እሷ ደግሞ ሁሌ ድንጋይ ትገዛለች።

ላፕቶፕ ላይ ፖርቶቹ ስለሚቀራረቡ ይህ ይብሳል። ሃርድ ዲስኩን በግራ፣ ሪሲቨሯን በቀኝ አድርጉ። ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ በአንድ ላይ ያለው የታይፕ ሲ ሃብም ያው ጫጫታ አለው። ሪሲቨሯን በምንም መልኩ እሱ ላይ አትሰኩ።

የጎረቤት ዋይፋይ ኪቦርዴን ይረብሻል?

ሊረብሽ ይችላል፤ መሃል ከተማ ላይ በተለይ። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ የኪቦርዷ ሪሲቨር፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ አንድ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ይኖራሉ። ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉ ቢሮዎች ሁሉ ራውተር አላቸው። ማን በየትኛው ቻናል እንዳለ ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ይህንን ጻፉ፤ አዲሶቹ ዊንዶውሶች ሎኬሽን እንዲበራ ሊጠይቁ ይችላሉ።

```
netsh wlan show networks mode=bssid
```

`Channel` የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ከ1 እስከ 13 ያሉት ሁሉ የኪቦርዳችሁ ሰፈር ነዋሪዎች ናቸው። 36 እና ከዚያ በላይ ያሉት 5 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው፤ ኪቦርዱን አይነኩም። `Signal` የሚለውም አስፈላጊ ነው። ሃያ በመቶ የሚያሳይ የሩቅ ጎረቤት ብዙም አያሳስብም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው የራሳችሁ ራውተር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ራውተሩን ከሪሲቨሯ ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር አርቁት፤ ኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ የሚያስቀምጡትን ሰዎች አይቻለሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት። ከዚያ ኮምፒውተራችሁን ወደ 5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ አዙሩት። ብዙ ራውተር ሁለት ስም ያወጣል፤ መጨረሻው ላይ `5G` የሚለው እሱ ነው። ይህ ከስልኩ 5ጂ ጋር አይገናኝም። የ5 ጊጋኸርዝ ድክመቱ ግድግዳ ማለፍ ላይ ነው። ራውተሩ ሌላ ክፍል ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔቱ ሊዳከም ይችላል።

አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው ዋየርለስ ኪቦርድ ቢጠቀም እርስ በርስ ይጋጫል?

እኔ የጻፍኩት ጎረቤቴ ስክሪን ላይ አይወጣም። እያንዳንዱ ኪቦርድ ከራሱ ሪሲቨር ጋር በመለያ ቁጥር የተሳሰረ ነው፤ ሞዴላቸው አንድ ቢሆንም። አየሩን ግን ይጋራሉ። አሥሩም ሪሲቨር ለየጸሐፊው ቅርብ ከሆነ ችግር የለም። ሁሉም ጠረጴዛ ሥር ከተደበቁ ግን የሩቁ ደካማ ድምፅ በቅርቡ ድምፅ ይዋጣል። እዚህም መልሱ ያው ሪሲቨሯን ማውጣት ነው።

ትንሽ ሳልጽፍ ከቆየሁ በኋላ የመጀመሪያዋ ፊደል ለምን ትጠፋለች?

ኪቦርዱ ተኝቶ ስለነበር ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ደቂቃዎች ሳይነካ ከቆየ ሬዲዮውን ያጠፋል። የመጀመሪያው ቁልፍ የሚቀሰቅሰው ነው፤ አንዳንዱ ኪቦርድ ያችን ፊደል ይዞ ይልካታል፣ አንዳንዱ ይጥላታል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በብዙ ኪቦርዶች ላይ ማጥፊያም የለውም። ከረጅም ዝምታ በኋላ መጻፍ ስትጀምሩ መጀመሪያ ሺፍትን ነካ አድርጉ። ምንም አይጽፍም፣ ግን ይቀሰቅሰዋል። በተለይ ፓስዎርድ ከማስገባታችሁ በፊት ይህንን ልመዱት፤ ፓስዎርድ በነጥብ ስለሚታይ የጎደለች ፊደል አትታይም።

ይህ ጥሩ መለያም ነው። ችግሩ ከእረፍት በኋላ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ እንቅልፍ ነው። በተከታታይ እየጻፋችሁ ከሆነ ግን ባትሪ ወይም አየር ነው።

የኮምፒውተሩን የኃይል ቁጠባ እንዴት ላጥፋው?

ከኪቦርዱ ሌላ ኮምፒውተሩም ያንቀላፋል። ዊንዶውስ ሥራ የፈታ የመሰለውን ዩኤስቢ ፖርት ኃይል ይቀንስበታል። ሪሲቨሯ ስትነቃ አንድ ሁለት ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። እንቅልፉ የኪቦርዱ ከሆነ የምትጎድለው አንድ ፊደል ናት፤ የፖርቱ ከሆነ ግን ሙሉ ቃል ሊጠፋ ይችላል፣ ማውሱም አብሮ ይደርቃል።

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ `Device Manager` ግቡ። `Universal Serial Bus controllers` የሚለውን ዘርጉ። `USB Root Hub` የሚሉ አንድ ወይም ብዙ መስመሮች ታገኛላችሁ። እያንዳንዱን ደብል ክሊክ አድርጉ፣ `Power Management` ግቡ፣ `Allow the computer to turn off this device to save power` ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ ሪስታርት። ሪሲቨሯ በየትኛው ሥር እንዳለች ለማወቅ አትድከሙ፤ ከሁሉም ላይ አንሱት። ትልልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች አንዳንዴ ምልክቱን ይመልሱታል። ከአፕዴት በኋላ ችግሩ ድንገት ከተመለሰ መጀመሪያ እዚህ እዩ።

መብራት ሲጠፋ፣ ላፕቶፑ በባትሪው ሲሠራ ብቻ ኪቦርዱ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ዊንዶውስ ሁለት የተለያየ ደንብ ስላለው ነው፤ ቻርጀር ላይ ሲሆን አንድ፣ በባትሪ ሲሆን ሌላ። የባትሪው ይበልጥ ቆጣቢ ነው። `Control Panel` ውስጥ `Power Options`፣ ከዚያ `Change plan settings`፣ ከዚያ `Change advanced power settings` ግቡ። `USB settings` ሥር `USB selective suspend setting` አለ። `On battery` የሚለውን `Disabled` አድርጉት። የላፕቶፑ ባትሪ ትንሽ ይጎዳል፣ ግን ለአንድ ሪሲቨር የሚሄደው ኃይል ጥቂት ነው። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ምርጫ አይታይም፤ ያኔ ከላይ ያለውን የ`Device Manager` መንገድ ብቻ ተጠቀሙ።

መብራት መጥፋቱ ግን ችግሩን ለመለየት ጥሩ አጋጣሚም ነው። መብራት ሲሄድ የሰፈሩ ራውተሮች አብረው ይጠፋሉ፤ ጄኔሬተር ወይም ዩፒኤስ ያለው ብቻ ይቀራል። አየሩ ጸጥ ይላል። በዚያ ሰዓት ላፕቶፓችሁ ላይ ኪቦርዱ ከወትሮው በተሻለ ከጻፈ ጠላታችሁ ዋይፋይ ነበር። ከባሰበት ደግሞ ዋይፋይ እንዳልሆነ እርግጠኛ ሆናችሁ፤ ሂዱና የኃይል ቁጠባውን አጥፉ። ሙከራው እንዲሠራ የስልካችሁን ሆትስፖት አታብሩ፤ እሱም በዚያው ሰፈር ሊጮህ ይችላል።

ኪቦርዴ ብሉቱዝ ነው፤ ሪሲቨር የለውም። ምን ላድርግ?

የእናንተ ሪሲቨር ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ማንቀሳቀስ አትችሉም። አብዛኛውን ጊዜ ብሉቱዙና ዋይፋዩ አንድ ካርድ ላይ ናቸው፣ አንቴናም ይጋራሉ። ስለዚህ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ትልቅ ፋይል እያወረዳችሁ ስትጽፉ ሁለቱ ተራ ይጠባበቃሉ። ቪዲዮ ስብሰባ ላይ ስትሆኑ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ምክንያቱ ይህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሩት ወይም ኢንተርኔቱን በኔትወርክ ገመድ አምጡት። በዚያው ሰዓት የብሉቱዝ ኤርፎን ካለ እሱን ለጊዜው አጥፍታችሁ ሞክሩ።

የእንቅልፉ ነገር ለብሉቱዝም አለ። `Device Manager` ውስጥ `Bluetooth` ሥር የአስማሚውን ስም ደብል ክሊክ አድርጋችሁ፣ `Power Management` የሚል ካለው ያንኑ ምልክት አንሱ።

ባትሪው አዲስ ነው፣ ሪሲቨሯ ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ቁጠባውም ጠፍቷል። አሁንም ይዘገያል። ምን ቀረ?

አንድ ሬዲዮ ያልሆነ ነገር ቀረ። `Filter Keys` ይባላል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ነካ የተደረገውን ቁልፍ ችላ ይልና ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ የቆየውን ብቻ ይቀበላል። የቀኙን ሺፍት ስምንት ሰከንድ ከያዛችሁት ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ወረቀት እያነበበ ጣቱን ሺፍት ላይ ያሳረፈ ሰው ሳያነብ `Yes` ይላል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪቦርዱ «ይዘገያል»። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ቁልፉን ጠንክራችሁ ስትይዙት ይጽፋል፣ በፍጥነት ስትጽፉ ግን ምንም አይወጣም። ባለገመድ ኪቦርድ ላይም ያው ይሆናል። `Settings` ውስጥ `Accessibility`፣ ከዚያ `Keyboard` ገብታችሁ አጥፉት። ዊንዶውስ 10 ላይ `Ease of Access` ይባላል።

እሱም ጠፍቶ ከሆነ ኪቦርዱንና ሪሲቨሯን ይዛችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ፤ ራውተር አጠገብ ያልሆነ፣ ሃርድ ዲስክ ያልተሰካበት። እዚያ ደህና ከሠራ የእናንተ ኮምፒውተር ፖርት ላልቷል ወይም ቆሽሿል፤ ሪሲቨሯን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስትነቀንቋት ግንኙነቱ ከተቋረጠ እሱ ነው፣ ሌላ ፖርት ተጠቀሙ። እዚያም ፊደል ከበላ የኪቦርዱ ወይም የሪሲቨሯ ሬዲዮ ተበላሽቷል። ይህ አይጠገንም። ሪሲቨሯን ብቻ መግዛትም ለአብዛኛው ርካሽ ኪቦርድ አይሠራም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ጥንድ ሆነው ስለሚተሳሰሩ ሌላዋ አታውቀውም። ቀኑን ሙሉ የምትጽፉ ከሆነ፣ ጠረጴዛችሁም የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በምትኩ ባለገመድ ግዙ። እኔ ለዚያች የአራት ኪሎ ጸሐፊም መጠባበቂያ ብዬ መሳቢያዋ ውስጥ አንድ ባለገመድ ትቼላታለሁ።